ረጅሙን የቀጠሮ ኢሜይል ወደ አንድ ጥያቄ ማሳጠር

ቀጠሮ ለመያዝ የሚጻፍ ኢሜይል ሲረዝም ተቀባዩ አንብቦ «ቆይቼ እመልሳለሁ» ይልና ይረሳዋል። ጥፋቱ የተቀባዩ አይደለም። ኢሜይሉ ውስጥ አራት አምስት ጥያቄ ተበትኖ እያለ የትኛውን ቀድሞ መመለስ እንዳለበት የሚነግረው ነገር የለም። ከዚህ በታች አንድ ረጅም ረቂቅ ወስደን፣ ደረጃ በደረጃ እየቀነስን፣ አንድ ጥያቄ ብቻ እስኪቀረው ድረስ እናሳጥረዋለን።

ለምሳሌ ያህል ጸሐፊው ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚሠራ ባለሙያ ነው እንበል። የሚጽፈው አዲስ አበባ ለሚገኙ አሠልጣኝ ነው። ሥልጠናው ስለ ቡና አደራረቅና ስለ እርጥበት አለካክ ሲሆን፣ ጊዜው ቡና የሚለቀምበትና በአልጋ ላይ የሚሰጣበት ወቅት ነው። ዓርብ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ጸሐፊው ይህን ረቂቅ አዘጋጀ፦

«ለተከበሩ ዶክተር፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ እንደምን ከርመዋል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እንደሚያስታውሱት ባለፈው ክረምት በስልክ ስንነጋገር ለአባሎቻችን የቡና አደራረቅ ሥልጠና ለመስጠት ፈቃደኛ መሆንዎን ገልጸውልን ነበር፤ ለዚህም ምስጋናችን የላቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ጽሕፈት ቤታችን ውስጥ የሰው ለውጥ ስለነበረ፣ እኔም ለመስክ ሥራ ስለወጣሁ፣ ኔትወርክም ስለሚያስቸግር ሳልጽፍልዎ ቆየሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሁን ግን ለቀማው ስለተጀመረ ሥልጠናው ባይዘገይ ይሻላል ብለን ተነጋግረናል። ኅዳር ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቢሆን ብለን አስበን ነበር፤ ሐሙስ ግን ገበያ ስለሆነ ገበሬው አይገኝልንም፤ ዓርብ ደግሞ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ የጁምዓ ሰላትም አለ። ሰኞ እንዳይሆን እርስዎ እሑድን መንገድ ላይ ሊያሳልፉ ነው። ስለዚህ በቀሩት ቀናት ቢመችዎት ደስ ይለናል፤ ካልሆነም ከዚያ በኋላ ማየት እንችላለን፣ ያኔ ግን ሥራ ይበዛል። አንድ ቀን ይበቃል ወይስ ሁለት ቀን ይሁን የሚለውንም ቢነግሩን። የሚመጡት በአውሮፕላን ነው ወይስ በመኪና? ማረፊያ እንያዝ ወይ? አዳራሹ ፕሮጀክተር አለው፣ መብራት ከጠፋ ግን እንጃ። የእርጥበት መለኪያችን አንድ ብቻ ስለሆነ ሌላ ይዘው መምጣት ይችሉ ይሆን? ለመሥሪያ ቤትዎ የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል ከተባለም እንጽፋለን። የአበሉንም ጉዳይ እንነጋገርበታለን። እንግዲህ እንዴት እናድርግ? ሐሳብዎን ቢያካፍሉን።»

ረቂቁ ትሕትና አይጎድለውም፣ ውሸትም የለበትም። ነገር ግን አሠልጣኟ ይህን አንብበው ምን ብለው ይመልሱ? «እሺ፣ እንነጋገራለን» ከማለት ሌላ የሚቀል መልስ የለም። «እሺ፣ እንነጋገራለን» ደግሞ አዳራሽ አያስይዝም።

አንደኛ፦ ጥያቄዎቹን ሁሉ አውጥታችሁ አንዱን ምረጡ

ረቂቁን ማሳጠር ከመጀመራችሁ በፊት በሌላ ወረቀት ወይም በስልክ ማስታወሻችሁ ላይ ጥያቄዎቹን ብቻ ጻፉ። የጥያቄ ምልክት የሌላቸውን አትርሱ። «ቢመችዎት ደስ ይለናል» ጥያቄ ነው፣ «ቢነግሩን»ም ጥያቄ ነው። በዚህ ረቂቅ ውስጥ ስለ ቀን፣ ስለ ሥልጠናው ርዝመት፣ ስለ መጓጓዣ፣ ስለ ማረፊያ፣ ስለ መለኪያው፣ ስለ ትብብር ደብዳቤው ተጠይቋል። መጨረሻ ላይ ያለው «እንዴት እናድርግ?» ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ለአሠልጣኟ የሚያሸክም ነው።

አሁን እያንዳንዱን ጥያቄ እየያዛችሁ «ይህ ሳይመለስ የትኛው አይመለስም?» በሉ። መጓጓዣው ያለ ቀን አይታወቅም። ማረፊያም አይያዝም። የትብብር ደብዳቤው ላይ ቀን መጻፍ አለበት። ስለዚህ እነዚህ ሁሉ ቀኑን ይጠብቃሉ፤ መጀመሪያ መመለስ ያለበት የቀን ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ እንቅፋት አለ። የቀኑ ጥያቄ ራሱ ሌላ ጥያቄ ይጠብቃል፦ ሥልጠናው ሁለት ቀን ከሆነ ማክሰኞና ረቡዕ ሁለቱም ይያዛሉ፣ አማራጭ የሚባል ነገር አይኖርም። እንዲህ ሲያጋጥም ብዙ ሰው ሁለቱንም ጥያቄ አብሮ ይልካል። እኔ የምመክረው ሌላ ነው። ርዝመቱን የሚወስነው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ለቀማ ላይ ያለ ገበሬ ሁለት ቀን ሙሉ ማሳውን ትቶ እንደማይቀመጥ የሚያውቀው ጅማ ያለው ጸሐፊ ነው፣ አዲስ አበባ ያሉት አሠልጣኝ አይደሉም። ስለዚህ አንድ ቀን ብሎ ወስኖ መጻፍ የእሱ ድርሻ ነው። አሠልጣኟ አንድ ቀን አይበቃም ካሉ ራሳቸው ይናገራሉ። ራሳችሁ መወሰን የምትችሉትን ነገር ለሌላ ሰው በጥያቄ መላክ አክብሮት ይመስላል፤ ለተቀባዩ ግን ተጨማሪ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፦ የምታቀርቡትን ቀን ከመላካችሁ በፊት አረጋግጡ

«መቼ ይመችዎታል?» የሚለው ጥያቄ አንድ ነው፣ አጭርም ነው፣ ግን አይሠራም። ተቀባዩ የራሱን ቀናት ቆጥሮ ያቀርባል፣ እናንተ ደግሞ «ሐሙስ ገበያ ነው»፣ «ዓርብ ሚካኤል ነው» እያላችሁ ትመልሳላችሁ፤ ሳምንቱ በዚሁ ያልቃል። በጅማ በኩል የማይሆኑትን ቀናት የምታውቁት እናንተ ስለሆናችሁ ማጣራቱን ቀድማችሁ ጨርሱ።

በምሳሌያችን የኅዳር ሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ኅዳር 8 ይጀምራል። ሰኞ ከወጣ፣ ሐሙስ ኅዳር 11 በገበያው፣ ዓርብ ኅዳር 12 በበዓሉና በሰላቱ ምክንያት ከቀሩ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 እና ረቡዕ ኅዳር 10 ይተርፋሉ። አሁን ኢሜይሉን ትታችሁ ስልክ አንሱና አዳራሹ በሁለቱም ቀናት ክፍት መሆኑን ጠይቁ፤ ከተቻለ ሁለቱንም አስይዙ። አሠልጣኟ «ረቡዕ» ብለው ከመለሱ በኋላ «ይቅርታ፣ ረቡዕ አዳራሹ ሰርግ አለበት» ማለት ከረጅም ኢሜይል የባሰ ነው።

ሁለት አማራጭ በቂ ነው። ሦስት ካደረጋችሁት ተቀባዩ ማወዳደር ይጀምራል፣ አንድ ብቻ ካደረጋችሁት ደግሞ ግዴታ ይመስላል፤ በተለይ ከእናንተ በዕድሜም በሥልጣንም ለሚበልጥ ሰው አንድ ቀን ቆርጦ ማቅረብ ደስ አይልም።

ሦስተኛ፦ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአንድ መመዘኛ ለዩ

መመዘኛው ይህ ነው፦ «አሠልጣኟ ይህን ባያውቁ የሚመርጡት ቀን ይለወጣል?» ይለወጣል ከሆነ ይቆያል። አይለወጥም ከሆነ፣ ቀኑ ከታወቀ በኋላ የሚያስፈልግ ነው ወይስ ጭራሽ አያስፈልግም ብላችሁ ለዩት። ኋላ የሚያስፈልገውን አትሰርዙት፤ «ሁለተኛ መልእክት» ብላችሁ ለብቻው አስቀምጡ። ይህ የሚጠቅመው ለመቁረጥ ስለሚያደፋፍር ነው። የማረፊያው ነገር እንደማይጠፋ ካወቃችሁ ከመጀመሪያው ኢሜይል ለማውጣት እጃችሁ አይሳሳም።

እስቲ ረቂቁን በዚህ እንፈትሸው። የክረምቱ የስልክ ንግግር ይቆያል፣ ግን በግማሽ ዓረፍተ ነገር፤ አሠልጣኟ «የትኛው ሥልጠና?» እንዳይሉ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የሰው ለውጡ፣ የመስክ ሥራውና ኔትወርኩ ይወጣሉ። ለመዘግየት ይቅርታ መጠየቅ ይገባል የምትሉ ከሆነ «በመዘግየቴ ይቅርታ» ማለት ይበቃል፤ ምክንያቱ ሲዘረዘር ተቀባዩ ወይ ማጽናናት ወይ መጠራጠር ይጀምራል፣ ሁለቱም ከቀጠሮው ያርቃሉ። ሰኞ፣ ሐሙስና ዓርብ ለምን እንደማይሆኑ የሚያስረዳው ሁሉ ይወጣል፤ የማይቀርብ ቀን ምክንያት አይሻም። መለኪያው፣ ፕሮጀክተሩ፣ ማረፊያው፣ አበሉ ወደ ሁለተኛው መልእክት ይሄዳሉ።

የሐሙሱ ገበያ ግን ልዩ ነገር አለው። ረቂቁ ውስጥ የገባው ሐሙስ ኅዳር 11 ሥልጠና የማይሆንበትን ምክንያት ለመንገር ነበር፤ ለዚህ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ከዚያ አንድ ሳምንት የሚቀድመው ሐሙስ፣ ኅዳር 4፣ ገበሬዎቹ ከየቀበሌያቸው ከተማ የሚገቡበት ቀን ስለሆነ ማኅበሩ የሥልጠናውን ቀን ሊነግራቸው የሚችለው ያኔ ነው። ስለዚህ መልሱ እስከ ረቡዕ ኅዳር 3 ማታ መድረስ አለበት። ገበያው ከምክንያትነት ወጥቶ የመልስ ቀነ ገደብ ሆነ ማለት ነው። ስትቆርጡ እንዲህ ያለውን እያያችሁ ቁረጡ፦ በአንድ ቦታ ትርፍ የሆነ ነገር ሌላ ቦታ ዋናው ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፦ ቀኑንና ሰዓቱን ሁለት ትርጉም በማይሰጥ መንገድ ጻፉ

እኛ አገር አጭር ኢሜይል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «9/3/2018» ብላችሁ ብትጽፉ ለእናንተ ኅዳር 9 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚሠራ መሥሪያ ቤት ግን ማርች 9 ወይም ሴፕቴምበር 3 ነው፣ ዓመቱም ካለፈ ቆይቷል። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፣ የሳምንቱን ቀን ጨምሩ። የሳምንቱ ቀን መቆጣጠሪያም ነው፦ «ማክሰኞ ኅዳር 10» ብላችሁ ከተሳሳታችሁ ተቀባዩ ወዲያው ይይዘዋል፤ «ኅዳር 10» ብቻ ካላችሁ ማንም አያውቅም።

ተቀባዩ ቀጠሮውን ስልኩ ላይ የሚመዘግብ ወይም የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥ ከሆነ የፈረንጁን ቀን በቅንፍ ጨምሩ፦ ማክሰኞ ኅዳር 9 (ኖቬምበር 18)። ሰዓትም እንዲሁ ነው። «3፡00» ብቻ አትጻፉ። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው፣ ትኬቱና የስልኩ የቀን መቁጠሪያ ግን 9፡00 ነው የሚሉት። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ ሙሉውን መጻፍ ሁለት ቃል ይጨምራል፣ ስልክ መደወልን ግን ያስቀራል።

«በሚቀጥለው ሳምንት» የሚለውንም አውጡ። ዓርብ ቀን የተጻፈ «የሚቀጥለው ሳምንት» ከሦስት ቀን በኋላ የሚጀምረው ነው ወይስ ከእሱ ቀጥሎ ያለው? ተቀባዩ ኢሜይሉን ሰኞ ከከፈተው ደግሞ ነገሩ ይብስበታል። «ከምሳ በኋላ»ም ያው ነው፤ ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሆነ ከሌላው ቀን ይለያል።

አምስተኛ፦ ጥያቄውን በአንድ ቃል እንዲመለስ አድርጋችሁ ጻፉ

ጥያቄያችሁን ከጻፋችሁ በኋላ ተቀባዩ «እሺ» ብቻ ቢሉ ምን እንደምትረዱ አስቡ። «ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ቢሆን ይመችዎታል?» ብላችሁ ከሆነ «እሺ» ትክክለኛ መልስ ነው፣ እናንተ ግን የትኛው ቀን እንደሆነ አታውቁም። «ማክሰኞ ወይስ ረቡዕ ይመችዎታል?» ብላችሁ ከሆነ «እሺ» መልስ ሊሆን አይችልም፣ ከሁለቱ አንዱን መጥራት የግድ ነው። ልዩነቱ «ወይም» እና «ወይስ» ብቻ ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ ግን ከማንኛውም እርማት ይበልጣል።

ሦስተኛ በርም ክፈቱ፦ «ሁለቱም ካልሆኑ ‹ሁለቱም አይሆኑም› ቢሉኝ ይበቃል።» ብዙ ሰው ዝም የሚለው እምቢ ማለት ስለሚከብደው ነው። እምቢታው በሁለት ቃል ተዘጋጅቶ ሲቀርብለት ይቀልለታል፣ እናንተም በጊዜ ታውቃላችሁ።

«እስከ ረቡዕ ካልሰማሁ ማክሰኞን እይዛለሁ» የሚለውን አጻጻፍ ለሥራ ባልደረባ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። በመንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ለሚመጡ አሠልጣኝ ግን አልመክርም። ኢሜይሉን ሳያዩት ሊቀሩ ይችላሉ፣ እናንተ ደግሞ ሰው ጠርታችሁ አዳራሽ ሞልታችሁ ትጠብቃላችሁ።

ስድስተኛ፦ ሰላምታውን አትጣሉ፣ ቦታውን ግን ወስኑ

አሳጥሩ ሲባል ሰላምታውን የሚቆርጥ አለ። ለታላቅ ሰው «ማክሰኞ ወይስ ረቡዕ?» ብሎ በቀጥታ መጀመር ትእዛዝ ይመስላል። አንድ መስመር ሰላምታ፣ አንድ መስመር ጉዳዩ፣ ከዚያ ጥያቄው ለብቻው በራሱ አንቀጽ። ጥያቄው ከላይና ከታች ባዶ መስመር ካለው በስልክ የሚያነብ ሰው ዓይኑ ቀድሞ እዚያ ያርፋል። የኢሜይሉ ርዕስም ጥያቄውን ራሱን ይያዝ፤ «ጉዳዩ፦ ሥልጠናን ይመለከታል» ከተባለ ተቀባዩ ሳይከፍተው ምንም አያውቅም።

እንግዲህ የተስተካከለው ይህ ነው፦

«ርዕስ፦ የጅማው የቡና ሥልጠና፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ወይስ ረቡዕ ኅዳር 10?

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ እንደምን ከርመዋል?

በክረምቱ በስልክ የተነጋገርንበትን የቡና አደራረቅ ሥልጠና ጅማ ላይ ለአንድ ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ለማድረግ አዳራሽ ይዘናል።

ማክሰኞ ኅዳር 9 (ኖቬምበር 18) ወይስ ረቡዕ ኅዳር 10 (ኖቬምበር 19) ይመችዎታል? ሁለቱም ካልሆኑ ‹ሁለቱም አይሆኑም› ቢሉኝ ይበቃል።

ለገበሬዎቹ ሐሙስ ገበያ ሲመጡ ስለምንነግራቸው እስከ ረቡዕ ኅዳር 3 ማታ ቢያሳውቁኝ በጣም ደስ ይለኛል። የጉዞውን፣ የማረፊያውንና የትብብር ደብዳቤውን ነገር ቀኑ እንደታወቀ እጽፍልዎታለሁ።

ከአክብሮት ጋር»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ትርፍ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። አሠልጣኟ «ማን ነው የሚያጓጉዘኝ? መሥሪያ ቤቴ በምን ይለቀኛል?» ብለው መልሱን እንዳያዘገዩ ያደርጋል። ጥያቄ ግን አይደለም፤ የሚመለስ ነገር የለውም።

ከመላካችሁ በፊት ለራሳችሁ ላኩትና በስልካችሁ ክፈቱት። ጥያቄውን ለማየት ብዙ መውረድ ካስፈለገ ከላዩ ያለው ገና አልተቆረጠም። ከዚያ የጥያቄ ምልክቶቹን ቁጠሩ። «እንደምን ከርመዋል?»ን እና ርዕሱን ትታችሁ ከአንድ በላይ ካገኛችሁ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ተመለሱ። ጉዳዩን ለማያውቅ የቢሮ ባልደረባ አሳዩና «ምን ጠየቅሁ?» በሉት፤ «ቀን እንዲመርጡ» ካለ ይላክ። «ስለ ሥልጠናው ነው» ካለ ጥያቄው ገና ተሸፍኗል።

መልሱ ሲመጣ፣ ወይም ሳይመጣ ሲቀር

«ረቡዕ ይሻለኛል» ካሉ ያስቀመጣችሁትን ሁለተኛ መልእክት በዚያው ቀን ላኩ። እዚህ ላይ ጥቂት ርዝመት አይጎዳም፣ ምክንያቱም ቀኑ ተቆርጧል፦ «ረቡዕ ኅዳር 10 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሁን፤ የትብብር ደብዳቤው ተያይዟል፤ ማረፊያ ለማክሰኞ ሌሊት ተይዟል። ሁለተኛ የእርጥበት መለኪያ ይዘው መምጣት ይችላሉ?» ይህም አንድ ጥያቄ ነው። አውሮፕላን ወይስ መኪና የሚለው መለኪያው ከተመለሰ በኋላ በስልክ ያልቃል። ደብዳቤው ግን ማኅተም ያለበት መሆን አለበት። ብዙ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን የሚለቀው በኢሜይል ሳይሆን በደብዳቤ ስለሆነ፣ ኢሜይሉ ሲያጥር ደብዳቤው ቀረ ማለት አይደለም።

ማክሰኞ ኅዳር 2 ድረስ ዝም ካሉ ኢሜይሉን ደግማችሁ አትላኩ። በስልክ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ብቻ ገልብጣችሁ ላኩ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ የጅማው ሥልጠና ማክሰኞ ኅዳር 9 ወይስ ረቡዕ ኅዳር 10 ይመችዎታል?» ረቡዕ ከሰዓት በኋላም መልስ ከሌለ ደውሉ። «ሁለቱም አይሆኑም» ካሉ ግን ሌላ ሁለት ቀን በጽሑፍ አታቅርቡ፤ ያን ጊዜ መደወል ይቀላል፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ዙር ላይ የምትጠይቁት ስለ እሳቸው የቀን ጥበት ነው።

ይህ ዘዴ የሚሠራው መልሱን አንድ ሰው በሚሰጥበት ጊዜ ነው። አምስት የኮሚቴ አባላትን በአንድ ኢሜይል «ማክሰኞ ወይስ ረቡዕ?» ብትሉ ሦስቱ ማክሰኞ፣ ሁለቱ ረቡዕ ይላሉ፣ ከዚያም ሁሉም ለሁሉም መጻፍ ይጀምራል። እዚያ ላይ ያለ እሱ ስብሰባው የማይካሄድበትን አንድ ሰው፣ ለምሳሌ ሰብሳቢውን፣ ለብቻው ጠይቁና ቀኑን ያዙ፤ ለቀሩት አራቱ የሚሄደው ጥያቄ «ረቡዕ ኅዳር 10 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይገኛሉ ወይስ አይገኙም?» የሚል ይሆናል።